እንደ ቴሌቪዥኑ የጥያቄና መልስ ውድድር፦ የገንዘቡ መሰላል፣ እርዳታውና ማጣሪያው ደሴ አዳራሽ ውስጥ እንዴት ይሠራሉ?

ደሴ፣ ወልድያ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የጥያቄና መልስ ውድድር ላዘጋጅ ሲል ሥራውን የሚጀምረው ጥያቄ ከመሰብሰብ ነው። ጥያቄ ግን አይጠፋም። ውድድሩን የሚያበላሸው ሌላ ነው። ተወዳዳሪው ሲሳሳት ምን ያህል እንደሚያጣ ቀድሞ ያልተወሰነበት ውድድር መሃል ላይ በጭቅጭቅ ይቆማል፣ ካልሆነም ሁሉም ገና በግማሽ መንገድ «በቃኝ» እያለ ይወርድና አዳራሹ ይቀዘቅዛል።

የቴሌቪዥኑ ሞዴል እነሆ። «ሚሊየነር መሆን የሚፈልግ ማነው?» የተባለው ውድድር እንግሊዝ አገር በአይቲቪ ጣቢያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1998 ነው። ከዚያ በየአገሩ ተባዛ። የመጀመሪያው ቅርጽ 15 ጥያቄ ነበረው፤ ለእያንዳንዱም አራት ምርጫ። ከ100 ፓውንድ ተነስቶ እስከ 1 ሚሊዮን ይወጣል። ከመለሱ አንድ ደረጃ ይወጣሉ፤ ከተሳሳቱ ጨዋታው ያበቃል። ጥያቄውን አይተው ካልደፈሩ ደግሞ እስከዚያ የደረሱበትን ይዘው መውረድ ይችላሉ። ዋናው ጨዋታ ያለው እዚህ ነው፦ ልመልስ ወይስ ልውረድ? ከዚህ በታች ያለው ደንብ ሁሉ ለዚህች ቅጽበት የተዘጋጀ ነው።

1. መጀመሪያ ብሩን ቁጠሩ

መሰላሉ የሚሠራው በእጅ ባለው ገንዘብ ልክ ነው። ነጋዴዎች «እንሰጣለን» ያሉት አይቆጠርም፤ የገባው ብቻ ነው የሚቆጠረው። እንበልና 10,000 ብር ተሰብስቧል፤ መሰላሉ ላይ የሚወጡት ደግሞ ሁለት ተወዳዳሪዎች ናቸው። ስለዚህ የላይኛው ሽልማት ከ5,000 ብር መብለጥ የለበትም። «ሁለቱም እስከ ጫፍ አይደርሱም» ብሎ 8,000 ማወጅ ቁማር ነው። ትልልቆቹ የቴሌቪዥን አዘጋጆች ለላይኛው ሽልማት ኢንሹራንስ ሲገቡ ይታወቃል። እኛ ኢንሹራንስ የለንም። ሁለቱም ጫፍ ቢደርሱ የሚከፈል ብር ካሳው ውስጥ ይኑር።

2. መሰላሉን ሥሩ

ለአንድ አዳራሽ ዝግጅት 15 ጥያቄ ይረዝማል፤ አሥር ይበቃል። ለ5,000 ብር የሚስማማ መሰላል ይህን ይመስላል፦

50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 500፣ 800፣ 1,200፣ 2,000፣ 3,000፣ 5,000።

ታች ያሉት ደረጃዎች ትንንሽ የሆኑት ለማሟሟቅ ነው። ተማሪዋ መብራቱና ማይኩ እስኪለምዳት ድረስ ቀላል ጥያቄ ትመልሳለች፤ ታዳሚውም ስሟን ይለምዳል። ከ500 በላይ ግን ልዩነቱ እየሰፋ መሄድ አለበት። እየሰፋ ካልሄደ ከፍ ብሎ የቆመ ሰው ለመቀጠል ምክንያት አይኖረውም። አንዳንዱ አዘጋጅ ደረጃውን እኩል ያደርገዋል፦ 500፣ 1,000፣ 1,500፣ 2,000 እያለ። ወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን 4,500 ብር የያዘች ልጅ 500 ለመጨመር ብላ ያላትን ሁሉ አደጋ ላይ አትጥልም። የምትወርደው በጥያቄው ክብደት አይደለም፣ በመሰላሉ ነው።

3. ማረፊያውን የት ታደርጋላችሁ?

ማረፊያ ማለት አንዴ ከተደረሰ በኋላ ተወዳዳሪው ቢሳሳት እንኳ የማይወሰድበት ገንዘብ ነው። የወሎ ተራራ ላይ እንደሚሠራው እርከን አስቡት፤ የሚንሸራተተው አፈር ወርዶ ወርዶ እዚያ ላይ ይቆማል። በእንግሊዙ መሰላል ማረፊያዎቹ ሁለት ነበሩ፤ 1,000 እና 32,000 ፓውንድ ላይ።

የዚህ መመሪያ ዋና ክፍል ይህ ስለሆነ በእኛ መሰላል ላይ ቀስ ብለን እንሥራው።

መጀመሪያ አንድ ማረፊያ ብቻ፣ 500 ብር ላይ፣ አድርገናል እንበል። ተወዳዳሪያችን ስምንተኛውን ጥያቄ መልሳ 2,000 ብር ይዛለች። ዘጠነኛው ጥያቄ 3,000 ያወጣል። ብትመልስ 1,000 ብር ይጨመርላታል። ብትሳሳት ወደ 500 ትወርዳለች፤ ማለትም 1,500 ብር ታጣለች። መልሱን ለመሞከር ምን ያህል እርግጠኛ መሆን አለባት? ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የምታጣውን፣ የምታጣውና የምታገኘው ተደምሮ በሚመጣው ቁጥር አካፍሉት። 1,500 ለ2,500 ሲካፈል 60 በመቶ ይመጣል። ከ60 በመቶ በታች እርግጠኛ ከሆነች መውረዱ ያዋጣታል።

አሁን ያልተነካ የሃምሳ ሃምሳ እርዳታ አላት እንበል። ሁለት የተሳሳቱ ምርጫዎች ይነሱላታል፤ ሁለት ይቀራሉ። ጭራሽ ካላወቀችው እርግጠኝነቷ 50 በመቶ ነው። 60 አልደረሰም። እርዳታውን ተጠቅማም ትወርዳለች። አዘጋጆቹ «ለምን ሁሉም ሰው 2,000 ላይ ያቆማል?» እያሉ ይገረማሉ። መልሱ እዚህ ነው።

ሁለተኛ ማረፊያ 2,000 ብር ላይ እናድርግ። አሁን ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ የምታጣው ነገር የለም። ብትሳሳትም 2,000 ብሯን ይዛ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ምንም ባታውቅ እንኳ ትገምታለች፤ ታዳሚውም ይነሳሳል። መልሳ 3,000 ከያዘች አሥረኛው ላይ የምታጣው 1,000፣ የምታገኘው 2,000 ነው። 1,000 ለ3,000፣ ማለትም 33 በመቶ ገደማ። ሃምሳ ሃምሳ እዚህ ላይ ያዋጣል። ያው ብር፣ ያው ጥያቄ ነው፤ አንድ ማረፊያ ስለተጨመረ ብቻ ጨዋታው እስከ መጨረሻው ሕይወት አገኘ።

ሁለት ነገር ላክል። አንደኛ፣ ሒሳቡ የአንድን ደረጃ ብቻ ነው የሚያየው። መሃል መሰላል ላይ ያለ ሰው ከመለሰ በኋላ ሌላ ዕድል ስለሚከፈትለት ትክክለኛው መጠን ከዚህ ትንሽ ዝቅ ይላል። ሁለተኛ፣ ለተማሪ 2,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነው። ሒሳቡ «ሞክሪ» ቢላትም እናቷ ታዳሚው መሃል ቁጭ ብለው «ይበቃሻል ልጄ፣ ውረጂ» በሚል ዓይን ያዩዋታል። ሰው ሒሳቡ ከሚለው በላይ ይጠነቀቃል። ስለዚህ ማረፊያ ስትመርጡ ከሒሳቡ ትንሽ ለጋስ ሁኑ።

ማረፊያ ማብዛት ግን ሌላ ጣጣ አለው። ከእያንዳንዱ ደረጃ ሥር ማረፊያ ካለ ፍርሃት ይጠፋል፣ ፍርሃት ከሌለ ደግሞ የሚታይ ነገር የለም። ለአሥር ጥያቄ ሁለት ይበቃል። የእንግሊዙ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2018 ሲመለስ አንድ ጥሩ ዘዴ አመጣ፦ ሁለተኛውን ማረፊያ ተወዳዳሪው ራሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም የሚቀጥለውን ጥያቄ ሳያይ ነው። ልምድ ካካበታችሁ በኋላ ሞክሩት። ለመጀመሪያ ዝግጅት ግን ለአቅራቢው ስለሚከብድ ይቆይ።

4. እርዳታዎቹ

የተለመዱት ሦስት ናቸው፦ ሃምሳ ሃምሳ፣ ለወዳጅ ስልክ እና የታዳሚው ድምፅ። እያንዳንዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለቱን ወይም ሦስቱንም መጠቀም ይቻላል፤ ይህን ቀድማችሁ ጻፉት፣ መድረክ ላይ መከራከሪያ እንዳይሆን።

ሃምሳ ሃምሳ ቀላሉ ይመስላል፤ ስህተቱ ግን የተደበቀ ነው። አቅራቢው እዚያው ቆሞ የትኞቹን ሁለት ማንሳት እንዳለበት ከመረጠ አድልዎ ይገባል። ተወዳዳሪው «በለ እና በመ መሃል ነኝ» ብሎ ጮክ ብሎ ሲያስብ ሰምቶታልና። ወይ ያዝንለታል፣ ወይ ሊያጠምደው እነዚያኑ ሁለቱን ይተውለታል። መፍትሔው አንድ ነው። ውድድሩ ሳይጀመር፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚነሱት ሁለት ምርጫዎች በዕጣ ተለይተው ጥያቄው ወረቀት ጀርባ ላይ ይጻፉ። አቅራቢው ወረቀቱን ገልብጦ ማንበብ ብቻ ነው ያለበት።

የስልኩ እርዳታ በቴሌቪዥን 30 ሰከንድ ነው። ተወዳዳሪው በዚያ ውስጥ ጥያቄውንና አራቱን ምርጫ አንብቦ መልስ መስማት አለበት። ንባቡ ብቻ ግማሽ ያህሉን ይበላል። ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፦

«ሄሎ ጋሼ! እንደምን ዋሉ? ደህና ነዎት? እትዬስ ደህና ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን የኔ ዓለም! አንቺስ? እናትሽ ተሻላት? ዝናቡስ እንዴት ነው እዛ?»

ሰዓቱ አለቀ። ታላቅን ሰው ደውሎ ሳይጠይቁ ወደ ጥያቄ መግባት ነውር ስለሆነ ልጅቷን «ሰላምታ አታብዢ» ማለት አይሠራም። የቴሌቪዥኑ ዘዴ እዚህ ይጠቅማል፦ መጀመሪያ የሚያናግረው አቅራቢው ነው። ሰላምታውን እሱ ይጨርሳል፣ ማን እንደሆነ ይናገራል፣ «ልጅዎ 1,200 ብር የሚያወጣ ጥያቄ ላይ ናት፤ አሁን እሷ ታነባለች፣ 30 ሰከንድ አላችሁ» ይላል። ሰዓቱ የሚቆጠረው እሷ ማንበብ ስትጀምር ነው።

ኔትወርክ ቢጠፋስ? ተወዳዳሪው ሁለት ስም ቀድሞ ያስመዝግብ። አንዱ ካልገባ ሁለተኛው ይደወላል። ሰዓቱ ተጀምሮ መስመሩ ከተቆረጠ ዳኛው የቀረውን ሰከንድ ይመልሳል።

ኢንተርኔት ከሁሉም ይብሳል። ስልኩን ያነሳው ሰው ኮምፒውተር ፊት ቢቀመጥ ማን ያያል? የአሜሪካው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በጥር 2010 የስልኩን እርዳታ ያስቀረው የሚደወልላቸው ወዳጆች ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ስለለመዱ ነው። ለእኛ የተሻለው መንገድ ወዳጁን አዳራሹ ውስጥ ማምጣት ነው። ስልኩን ለዳኛው አስረክቦ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ሲጠራ ማይክ ይሰጠው። የስልክ ድምፅ ድራማው ይቀራል፤ እውነት ነው። ግን ማንም «ጎግል አድርጎ ነው» አይልም።

የታዳሚው ድምፅ ደግሞ በእጅ ማውጣት ከተደረገ ከንቱ ነው። አንድ አስተማሪ እጁን ሲያነሳ ግማሹ ክፍል ተከትሎት ያነሳል። አራት ቀለም ወረቀት በየወንበሩ አድሉ፦ ለሀ ቀይ፣ ለለ አረንጓዴ እያላችሁ። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ቆጠራ ያነሳል፤ ሦስት ቆጣሪዎች ረድፍ ተካፍለው ይቆጥራሉ።

ይህ እርዳታ ለምን እንደሚሠራ ማወቅ መቼ እንደማይሠራም ያሳያል። አዳራሹ ውስጥ 100 ሰው አለ እንበል። መልሱን በትክክል የሚያውቁት 20 ብቻ ናቸው። 80ዎቹ ዝም ብለው ከገመቱ ለአራቱ ምርጫ 20 20 ይደርሳሉ። ትክክለኛው መልስ 40 ያገኛል፣ ሌሎቹ 20። ከአምስት ሰው አንዱ ብቻ አውቆት እንኳ መልሱ ጎልቶ ይወጣል።

ችግሩ የማያውቁት ሰዎች ወደ አንድ የተሳሳተ መልስ ሲጎርፉ ነው። ይህን ጥያቄ ተመልከቱ፦

«የውጫሌ ውል የተፈረመው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ሀ. 1860፣ ለ. 1881፣ ሐ. 1888፣ መ. 1909»

መልሱ 1881 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ውሉ ከዓድዋ ጋር ስለሚነሳ 1888 የሚለው ቁጥር የሁሉም ሰው ጭንቅላት ውስጥ ቁጭ ብሏል። ያላወቀው ሁሉ ሐን ያነሳል። ውጫሌ እዚሁ አምባሰል ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ መንገድ ላይ ብትሆንም ይህ አያድናቸውም። አንድ በጣም የታወቀ ቁጥር ወይም ስም ከምርጫዎቹ መሃል ካያችሁ ታዳሚውን አትጠይቁ፤ ያነበበ ወዳጅ ይሻላል። በተቃራኒው ስለ ሙዚቃ፣ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ምግብ ሲሆን ታዳሚው ጥሩ ነው። «ከአራቱ ቅኝቶች ያልሆነው የትኛው ነው? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ ፉከራ» ቢባል ወሎ ላይ ታዳሚውን መጠየቅ እንኳ ያሳፍራል።

አዘጋጅ ከሆናችሁ ደግሞ ከዚህ የምትወስዱት ለየት ይላል፦ ወጥመድ ያለበትን ጥያቄ ታች ደረጃ ላይ አታስቀምጡ። አራተኛ ጥያቄ ላይ ሦስቱንም እርዳታ የጨረሰ ተወዳዳሪ ከዚያ በላይ የሚያሳየው ነገር የለውም።

5. ማን መሰላሉ ላይ ይወጣል?

ሃያ ሰው ቢመዘገብ ሁለቱን እንዴት ትለያላችሁ? በቴሌቪዥን ሁለት መንገድ የታወቀ ነው።

አንደኛው የፍጥነት ማጣሪያ ነው። አሥር ሰው ፊት አንድ ጥያቄ ይቀርባል፤ አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ማስተካከል ነው። ለምሳሌ እነዚህን ከተማዎች ከደቡብ ወደ ሰሜን ደርድሩ፦ ወልድያ፣ ኮምቦልቻ፣ ውጫሌ፣ ደሴ። (ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ውጫሌ፣ ወልድያ።) በትክክል ከደረደሩት መካከል ፈጣኑ ይወጣል። የኤሌክትሮኒክስ ቁልፍ ስለሌለን ወረቀት ላይ ጽፎ ፊት ላለ ሳጥን መጣል ይበቃል፤ ዳኛው ወረቀቶቹን የገቡበትን ተራ ሳያፋልስ ያወጣቸዋል። ቅደም ተከተል የሚጠየቀው በምክንያት ነው። አራት ነገር በ24 መንገድ ስለሚደረደር በግምት የሚያገኘው ሰው ጥቂት ነው። አራት ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአራት ሰው አንዱ በግምት ያገኘው ነበር።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2000 ቢቢሲ ያመጣው «ደካማው ቀለበት» የሚባለው ውድድር ነው። በየዙሩ መጨረሻ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው አንዱን ያባርራሉ። ድምፁ እኩል ከወጣ በዚያ ዙር ጠንካራ የነበረው ሰው ይወስናል። በየትክክለኛው መልስ ገንዘቡ ይጨምራል፤ አንድ ሰው ሲሳሳት በሰንሰለቱ ላይ ያለው ብር ይጠፋል፤ ጥያቄው ሳይጀመር «ባንክ!» ያለ ሰው ግን እስከዚያ የተጠራቀመውን ያድናል። ለማየት በጣም ደስ ይላል። የትምህርት ቤት ውድድር ላይ ግን አልመክርም። መጨረሻ አካባቢ ተወዳዳሪዎች ደካማውን ትተው የሚፈሩትን ጎበዝ ያስወጣሉ፤ ደንቡ ራሱ ወደዚያ ይገፋፋቸዋል። ቴሌቪዥን ላይ ተወዳዳሪዎቹ በማግስቱ አይገናኙም። እነዚህ ልጆች ግን ሰኞ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

የፍጥነት ማጣሪያውን ያዙ። ሁለት ወረቀት እኩል ገባ ከተባለ መለያ ጥያቄ ይሰጥ፤ ይህን ጥያቄ ታሽጎ በፖስታ አስቀምጡት።

6. ጥያቄው ራሱ ቢሳሳትስ?

እ.ኤ.አ. በ2006 ሎረንስ ሌዌሊን-ቦወን የተባለ የታወቀ የቴሌቪዥን ሰው ከባለቤቱ ጋር እንግሊዝ ውስጥ ሚሊዮኑ ጥያቄ ድረስ ወጣ። 500,000 ፓውንድ ይዘው ነበር። የቀረበላቸው ጥያቄ «ከላቲን ሲተረጎም የአሜሪካ መሪ ቃል ምንድን ነው?» የሚል ነበር። «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለውን መረጡ። የፕሮግራሙ መልስ «ከብዙዎች አንድ» ነበር። ወደ 32,000 ማረፊያ ወረዱ፤ በአንድ መልስ 468,000 ፓውንድ ሄደ። በኋላ ግን አዘጋጆቹ ጥያቄው አሻሚ እንደነበር ተቀበሉ፤ 500,000ው ተመለሰላቸው። በሕግ የተደነገገው የአገሪቱ መሪ ቃል እነሱ የመረጡት ነበርና፤ ከላቲን የተተረጎመ አለመሆኑ ነው የሚያወዛግበው።

እኛ ዘንድ አሻሚ ጥያቄ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። «የዓድዋ ጦርነት መቼ ነበር?» ካላችሁ 1888 ያለውም 1896 ያለውም ልክ ነው። ከእያንዳንዱ ዓመት አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ጻፉ። ሌላው የአስተዳደር ለውጥ ነው። «የወሎ ዋና ከተማ ማን ናት?» የሚለው ቀላል ይመስላል። የድሮው ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ደሴ ነበረች። አሁን ግን የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ ወልድያ ስለሆነች የወልድያ ልጅ ተነስቶ ይከራከራል፤ መከራከርም አለበት።

ስለዚህ ጥያቄውን ያላዘጋጀ አንድ ሰው ቀድሞ ያንብበው፤ ሥራው ሁለተኛ ትክክለኛ መልስ መፈለግ ብቻ ይሁን። መድረክ ላይ ክርክር ከተነሳ ዳኛው ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፦ መልሱን ማጽናት ወይም ጥያቄውን መሰረዝ። ከሰረዘው ተወዳዳሪው እዚያው ደረጃ ላይ እንዳለ ይቆያል፣ በተሰረዘው ጥያቄ ላይ ያጠፋው እርዳታ ይመለስለታል፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ተቀያሪ ጥያቄ ይነበብለታል። ስለዚህ ከ500 ብር በላይ ላለ ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ተቀያሪ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ የእኛ መሰላል ላይ አምስት ማለት ነው። የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ መሆኑን ተወዳዳሪዎቹ ከመድረኩ ጀርባ እያሉ አንብበው ይፈርሙ።